«ኳ ኳ» ወይስ «ቤቶች!»፦ የ41 ድምፆች የሥራ ማስታወሻ

ሐምሌ፣ 1ኛ ሳምንት

ሠዓሊ ጓደኛዬ ለልጆች የሚሆን ባለ 16 ገጽ ሥዕላዊ ታሪክ ጨርሷል። አንድ ልጅ ማታ ቤት ውስጥ ብቻውን ይቀራል። ዝናብ ይጥላል፣ ስልክ ይጮኻል፣ በር ይንኳኳል፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም። መጨረሻው ገጽ ላይ በሩን የሚገጨው ከጎረቤት የጠፋ ጥጃ ሆኖ ይገኛል። ንግግሩ በሙሉ አማርኛ ነው። ድምፆቹን ግን ጓደኛዬ ልጅ ሳለ ካነበባቸው የውጭ ሥዕላዊ መጻሕፍት እጁ ላይ እንደቀሩ በእንግሊዝኛ ጽፏቸዋል፦ በር ላይ «ኖክ ኖክ»፣ ነጎድጓድ ላይ «ቡም»፣ ስልክ ላይ «ባዝ»፣ ዳቦ ላይ «ያም»። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ስጠይቀው «በአማርኛ ሲጻፍ አይቼ አላውቅም» አለኝ።

ቆጠርኳቸው፤ 41 ናቸው። የእኔ ሥራ እነዚህን ከሥዕሉ ላይ ማንሳት፣ የአማርኛ ድምፅ መተካትና ለኅትመት ማዘጋጀት ነው። ሥዕሎቹን የማጸዳው በክሪታ ነው፤ ፊደሎቹን በኢንክስኬፕ ላይ እጽፍና ወደ መስመር ቀይሬ እንደ ሥዕል እለጥጣቸዋለሁ። ሁለቱም ነጻ የሥዕል ፕሮግራሞች ናቸው። በኮምፒውተሬ ውስጥ አማርኛ የሚጽፉ የፊደል ቅርጾች የትኞቹ እንደሆኑ ለማወቅ ይህን አዘዝኩ፦

```
fc-list :lang=am family
```

የወጣው ዝርዝር አጭር ነበር። የጽሕፈት ፊደል እንጂ ለጩኸት የሚሆን ወፍራም ፊደል አላገኘሁበትም። ስለዚህ ትልልቆቹን በእጅ ልሥላቸው ነው። ሁለት ወፍራም ማርከር 380 ብር።

የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራሁት በዚያው ምሽት ነው። አማርኛ አፌን የፈታሁበት ቋንቋ ነው፣ ማን ያስቸግረኛል ብዬ 41ዱንም ድምፅ በሦስት ሰዓት ውስጥ ጽፌ ጨረስኩ። በማግሥቱ ሁሉንም ገጽ በቀለም አሳተምኩ፤ 16 ገጽ በ40 ብር፣ 640 ብር።

ሐምሌ፣ 2ኛ ሳምንት

ትምህርት ቤት ስለተዘጋ የሰፈር ልጆች አይጠፉም። ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ዓመት የሆናቸው ሰባት ልጆች ተሰበሰቡልኝ። ሥዕሉን በወረቀት ሸፍኜ ድምፁን ብቻ አሳያቸዋለሁ፤ «ይህን ያሰማው ምንድን ነው?» እላቸዋለሁ። ከዚያ ሥዕሉን እገልጣለሁ።

ገጽ 4 ላይ ስልክ ሲጠራ «ጭርርር» ብዬ ነበር። አንዷ «ሰው የለም ማለት ነው» አለች። ሥዕሉን ገለጥኩላት። ስልኩን ቆይታ አየችና «ታዲያ ለምን ጭር አለ?» አለችኝ። ልክ ናት። ጭር አለ ማለት ድምፅ ጠፋ፣ ሰው ጠፋ ማለት ነው። የስልክ ጩኸት ብዬ የጻፍኩት የዝምታን ቃል ነው።

ገጽ 6 ላይ ያው ስልክ ጠረጴዛ ላይ ሲንቀጠቀጥ «ዝርርር» ብዬዋለሁ። የስምንት ዓመቱ ልጅ «ማን ወደቀ?» አለ። ዝርር አለ የሚባለው ተዘርሮ የወደቀ ሰው ነው።

ገጽ 7 ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው «ሿሿሿ» ነው። እዚህ ላይ ልጆቹ ሳይሆኑ ትልልቆቹ ሳቁ። ሻይ ይዛ የመጣች ጎረቤቴ «ልጁ ታክሲ ውስጥ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሿሿ አዲስ አበባ ውስጥ በሚኒባስ ተሳፋሪን አዋክቦ መዝረፍ መሆኑን ረስቼው ነበር። ከሰባት ልጆች ሦስቱም ያውቁታል። እሺ ብዬ በማርከር «ሽሽሽ» ብዬ ለወጥኩት። ሁሉም በአንድ አፍ «ዝም በሉ እያለ ነው!» አሉ።

በዚህ ዓይነት ከ41ዱ ድምፅ ሥዕሉ ሳይታይ የታወቁት 17 ብቻ ናቸው። 640 ብሩ በከንቱ ሄደ። ከእንግዲህ የሙከራ ገጽ የሚታተመው በጥቁርና ነጭ ብቻ ነው።

ሐምሌ፣ 3ኛ ሳምንት

ቁጭ ብዬ የወደቁትን ከታወቁት ጋር አስተያየሁ። ጥፋቱ ያለው «አለ» የምትለዋ ቃል ጋ ነው።

በአማርኛ ድምፅ ብቻውን አይሄድም። በሩ ኳ አለ፣ ፊኛው ጧ አለ፣ ውኃው ጠብ አለ እንላለን። በርም ፊኛም ውኃም ተናጋሪ ናቸው፤ ድምፁ የተናገሩት ነገር ነው። ሌላ ሰው ካሰማው ደግሞ «አደረገ» ይከተላል፦ ጣቱን ቀጭ አደረገ። እንግሊዝኛው እንዲህ አይደለም። እዚያ «ኖክ» ራሱ ግስ ነው፤ «ባዝ»ም «ስፕላሽ»ም እንዲሁ፤ ስለዚህ ሥዕል ላይ ራቁቱን ሲቆም አይጎድልበትም። የእኛው «አለ»ን ተነጥቆ ሥዕል ላይ ሲቀመጥ ግን አንባቢው በልቡ ይመልስለታል። ያቺ ልጅ «ጭርርር»ን ስታነብ ያነበበችው «ጭር አለ» ብላ ነው።

ነገሩን የሚያከብደው፣ ከ«አለ» ጋር የሚሄዱት ቃላት ሁሉ ድምፅ አለመሆናቸው ነው። ብልጭ አለ፣ ክው አለ፣ ዝም አለ፣ ኩርምት አለ፤ አንዳቸውም በጆሮ አይሰሙም። ከጩኸት ቃሎቻችን ጎን የብርሃን፣ የድንጋጤ፣ የዝምታ፣ የአቀማመጥ ቃላት በአንድ ሰልፍ ቆመዋል። በጆሮዬ ብቻ እየመራሁ አዲስ ድምፅ ስፈጥር ሳላውቀው ከእነዚህ አንዱን እረግጣለሁ።

ስለዚህ ከዚህ በኋላ ማንኛውም ድምፅ ማርከር ሳይነካው በፊት ሁለት ጊዜ ይፈተናል። አንደኛ፣ ከኋላው «አለ» ጨምሬ ጮክ ብዬ እናገረዋለሁ፤ ሌላ ትርጉም ካለው ይወድቃል። ጭርርርና ዝርርር እዚህ ላይ ይቀሩ ነበር። ሁለተኛ፣ «አለ»ን አንሥቼ ለልጅ አሳያለሁ፤ ብቻውን ካልቆመ ይወድቃል።

ሁለተኛው ፈተና ያስፈለገኝ በገጽ 5 ምክንያት ነው። በሩ በድንገት ሲከፈት «ክፍት» ብዬ ጽፌ ነበር። ሐሳቡን የወሰድኩት ከጀርመኖች ነው። ኤሪካ ፉክስ የምትባል ተርጓሚ ከ1951 ጀምሮ (በአውሮፓ አቆጣጠር) የዶናልድ ዳክን ታሪኮች ወደ ጀርመንኛ ስትመልስ፣ ግሱን ከነጅራቱ ትቆርጠውና ግንዱን ብቻ ድምፅ አድርጋ ትጠቀምበት ነበር። በረጅሙ መተንፈስ ከሚለው ግስ «ዞይፍትስ»፣ ሲጥ ማለት ከሚለው «ክናር» ይቀራል። ጀርመኖች ይህን አጻጻፍ በስሟ ቀልደው «ኤሪካቲቭ» ይሉታል፤ ኢንተርኔት ሲመጣም ሰዎች በመልእክት ልውውጥ ላይ ፈገግታንም ማቀፍንም በዚሁ መንገድ ይጽፉ ጀመር። የእኛም «ስብር አለ»፣ «ክፍት አለ» ከግስ የወጡ ስለሆኑ በዚያው መንገድ ይሄዳሉ ብዬ ነበር። አልሄዱም። ልጆቹ «ክፍት»ን ሱቅ በር ላይ የሚሰቀለው ማስታወቂያ ነው አሉ። «ስብር» ደግሞ የቤት ሥራ ላይ የጎደለ ፊደል መሰላቸው። ከግስ የተቀዳው «አለ»ን ሲያጣ ይወድቃል፤ ኳና ጧ ግን ከግስ ስላልመጡ ራሳቸውን ችለው ይቆማሉ። እንዲያውም ግሱ የመጣው ከእነሱ ነው፤ ኳ ኳ ከሚለው አንኳኳ፣ ኮሽ ከሚለው ተንኮሻኮሸ።

ገጽ 5 «ሲጥጥ» ሆነ። በአንድ ጊዜ ታወቀ።

ሐምሌ፣ 4ኛ ሳምንት

በሩ። ከሁሉም የሚከብደው ይኸው ነው፤ ታሪኩ የቆመው በበሩ ላይ ነውና።

በቤተሰብ የቴሌግራም መድረካችን ላይ «በር ሲንኳኳ ድምፁን እንዴት ትጽፉታላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። ግማሹ «ኳ ኳ»፣ አንዳንዱ «ቋ ቋ»፣ ውጭ አገር ያደጉት የአክስቴ ልጆች በላቲን ፊደል ያንኑ «ኳ» ጻፉ። እዚያው የሌሎቹንም ሰበሰብን፤ ፈረንሳይ ያለው «ቶክ ቶክ»፣ ጀርመን ያለችው «ክሎፕፍ» (ይህም የማንኳኳት ግስ ግንዱ ነው) ላኩ። ጃፓኖች «ኮን ኮን» እንደሚሉ እኔ ጨመርኩ። ከዚያ አክስቴ የድምፅ መልእክት ላኩ፦

«ልጄ፣ ሰው የሰው ደጅ ሲደርስ ‹ቤቶች!› ነው የሚለው። በር የሚደበድበው ፖሊስና አበዳሪ ነው።»

ሳቅሁና ስልኬን አስቀመጥኩ። ቆይቼ አነሣሁት። ጓደኛዬ በሣለው ታሪክ ውስጥ ልጁ የሚፈራው በሩ ስለተንኳኳ ነው። ለእኛ አገር ልጅ ግን መንኳኳቱ ብቻውን አያስፈራም፤ የሚያስፈራው «ቤቶች!» የሚል ድምፅ አብሮ አለመምጣቱ ነው። ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ገጽ 2 ላይ ቀን ጎረቤት ስትመጣ አንዲት ትንሽ ሥዕል ጨመረ፤ «ቤቶች!» ብላ ትገባለች። ማታ ገጽ 8 ላይ ኳ ይላል፤ «ቤቶች» የሚል የለም። ልጁ «ማነው?» ይላል። ኳ። አንድ ሥዕል ተጨምሮ ከ«ቤቶች!» በቀር አንድም ቃል አልጨመርንም፤ ሠዓሊው ግን ለዚህ ሁለት ቀን ስለወሰደበት ምሳ ጋብዣለሁ፣ 420 ብር።

ኳ ወይስ ቋ የሚለውን ለመለየት ወደ በር ሄጄ አንኳኳሁ። የግቢዬ በር ቆርቆሮ ነው። በጣት አንጓ ሲመታ፣ በሳንቲም ሲመታ፣ በጉልበት ሲገፋ ሦስቱም ይለያያሉ። ልጆቹን ጀርባቸውን አዙሬ አስደመጥኳቸውና ከሦስት ካርድ እንዲመርጡ አደረግሁ። ሳንቲሙን አብዛኞቹ «ቋ» አሉት። በጉልበት የተገፋውን «ጓ»። አንጓውን «ኳ»። ይህ ከጉሮሮ አሠራር ጋር ይሄዳል፤ ቀ ጉሮሮ ተዘግቶ በአንዴ የሚፈነዳ ስለሆነ ደረቅና ሹል ነው፤ ገ ንዝረት ስላለው ከባድና ድብልቅ ነው፤ ከ መሐል ነው። ጥጃ በጣት አንጓ አያንኳኳም፤ በግንባሩ ይገፋል። ስለዚህ ገጽ 8 ላይ «ኳ» ሳይሆን «ጓ» መሆን አለበት። በጥንቃቄ የሚያነብ ልጅ እዚያው ይጠረጥራል።

ያው ነገር በሦስት ሌሎች ፊደሎች ላይም ሠራ፦ ቷ፣ ጧ፣ ዷ። ፊኛው ሲፈነዳ ያለ ክርክር «ጧ»፣ ነጎድጓዱ «ዷ»፣ የተሰነጠቀው ቀጭን እንጨት «ቷ»። እነዚህን ሦስት ፊደሎች ማንም አላስተማራቸውም።

ነሐሴ፣ 1ኛ ሳምንት

የቦታ ችግር። ሠዓሊው ለነጎድጓዱ ከገጹ ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ ረጅም ቦታ ትቶ «ቡ»ን በብዙ «ኦ» ጎትቶ ጽፎበት ነበር። እኔ በዚያ ቦታ የማስቀምጠው አንዲት «ዷ» ናት። ፊደላችን አናባቢውንና ተነባቢውን በአንድ ቅርጽ ስለሚይዝ ድምፃችን አጭር ነው፤ ኖክ ኖክ በላቲን አሥር ፊደል ሲፈጅ ኳ ኳ ሁለት ናት። ዙሪያው ባዶ ሆኖ ቀረ።

መጀመሪያ ፊደሏን ወደ ጎን ለጠጥኳት። የዷ እግሮች ተራራቁና ቀለበቷ ተጨፈለቀ፤ ርቆ ለሚያይ ሌላ ፊደል ትመስላለች። ቀጥሎ ደገምኳት፦ «ዷዷዷዷ»። ልጆቹ «አራት ጊዜ ተኩስ» አሉ። ይህ ትልቅ ትምህርት ሆነኝ። በላቲን ፊደል መደጋገም ድምፁን ያስረዝማል፤ በእኛ ሙሉ ቀለም የሆነ ፊደል ሲደገም ድርጊቱ ይደገማል። ኳኳኳ ሦስት ጊዜ ማንኳኳት እንጂ አንድ ረጅም ማንኳኳት አይሆንም።

ታዲያ በመልእክት ላይ «ውይይይይ» እና «እሺሺሺ» የምንለው እንዴት ነው? የቴሌግራም መልእክቶቻችንን ወደ ኋላ ሄጄ አየሁ። ሳድስ ፊደል ሲሆን፣ ያውም አየሩ ሳይቋረጥ የሚወጣበት፣ ዝ ሽ ም ር ይ ፍ ሲሆን፣ መደጋገሙ ያስረዝማል። ዝዝዝ አንድ ረጅም ድምፅ ነው። አፍ ዘግቶ የሚፈነዳ ሳድስ፣ ት ክ ቅ ጥ ሲሆን ግን አይረዝምም፤ ትትት ሲንተባተብ ነው። «እሺሺሺ»ም የሚያስኬደው ሺ አየር ስለሚያወጣ ነው።

ከዚህ በኋላ መፍትሔው ቀላል ሆነ። ረጅም መሆን ያለበት ድምፅ ሁሉ መጨረሻው ላይ የሚጎተት ሳድስ ያስፈልገዋል። ነጎድጓዱን «ድምምምም» አደረግሁት፤ የመጀመሪያው ድ ከልጁ ቁመት የሚበልጥ፣ ምዎቹ እያነሱ ከተራራው ጀርባ የሚጠፉ። «ዷ»ን ለብልጭታው ቅጽበት ብቻ ተጠቀምኩባት፤ ከገጹ ግማሽ የምታክል አንዲት ፊደል። ባዶ ቦታው ጠቀመ።

ጃፓኖች እዚህ ላይ ከእኛ ይሻላሉ። የእነሱም ፊደል እንደ እኛው ቀለም ቀለም ሆኖ ሳለ፣ አናባቢ ሲረዝም የሚያስገቡት አግዳሚ ሰረዝ አላቸው፤ ድምፁ በድንገት ሲቆረጥ የሚጽፉት ትንሽ ፊደልም አለ። እኛ የምንጠጋበት አንድ ነገር አለን፤ ፊደሉ ጠብቆ እንዲነበብ ከላዩ የሚደረጉት ሁለት ነጥቦች። በዩኒኮድ ውስጥ `U+135F` ነው። የፈለግሁት ለገጽ 7 ነበር፤ ዝናቡ ሲጀምር ያለው «ጠብ» ሳይጠብቅ ሲነበብ ጭቅጭቅ ይሆናል። በአንደኛው የፊደል ቅርጽ ላይ ባዶ ሳጥን ወጣ፤ በሌላው በትክክል ተቀመጠ። ለልጆቹ ሳሳያቸው ግን አንዱ በጥፍሩ ሊጠርገው ሞከረ፤ የማርከር ጠብታ መስሎት ነው። አነሣሁት። «ጠብ  ጠብ    ጠብ» ብዬ በመካከላቸው ቦታ እየሰፋሁ፣ ከፍና ዝቅ አድርጌ ጻፍኳቸው። ሦስት ጊዜ የተጻፈውን ማንም ጭቅጭቅ ብሎ አላነበበውም።

ዝናቡ ሲበረታ ያለውን ደግሞ ከሿሿ ለማዳን አንዲት ሿ ብቻ አደረግሁ፤ እግሮቿን ከጣሪያው እስከ መሬት እንደ ዝናብ መስመር አወረድኳቸው። ሁለቱ እግሮች ሰላሳ ሆኑ። ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ይህ ገጽ ነው።

ነሐሴ፣ 3ኛ ሳምንት

ዳቦው። ገጽ 9 ላይ ልጁ ፍርሃቱን ለመርሳት ዳቦ ይገምጣል፤ ሠዓሊው «ያም» ብሎበታል።

«እምምም» አልኩ። ሦስት ልጆች «እያሰበ ነው»፣ ሁለቱ «እሺ እያለ ነው»፣ አንዷ ደግሞ «እምቧ ሊል ነው፣ ላም ነው» አለች። (ይህ መጨረሻውን ያበላሽብኛል።) ቀጥዬ ልጁ ከንፈሩን መጥጦ፣ ከአፉ አጠገብ «ምጥ» የሚል ትንሽ ድምፅ አደረግሁ። ሁሉም ዝም አሉ። በመጨረሻ ትንሹ «ለምን አዘነ?» አለ። ከንፈር መምጠጥ እኛ ጋ ለሐዘን ነው፤ የሰው መከራ ሲሰማ ከንፈር ይመጠጣል። ዳቦ እየበላ ከንፈሩን የሚመጥጥ ልጅ፣ ዳቦው ያለቀበት ልጅ ነው።

አንዱ «ያሚ ይላል» አለ፤ ከቴሌቪዥን የካርቱን ፊልም ነው። ሌሎቹም አወቁት። ፈተናውን ያልፋል ማለት ነው፤ ግን ለጓደኛዬ የነገርኩት እንግሊዝኛውን አነሣለሁ ብዬ ነው። አክስቴን ጠየቅኋቸው። «የጣመ ነገር ድምፅ የለውም፤ ጣት ያስቆረጥማል ነው የሚባለው» አሉኝ። እውነትም ስናስበው ጣዕምን በቃል እንናገራለን እንጂ አናሰማም። ድምፅ የምናሰማው ስንጠጣ ነው፦ ፉት።

ስለዚህ የተቀየረው ቃሉ አይደለም፤ ሥዕሉ ነው። ዳቦው ወጣ፣ የሚጤስ የሻይ ብርጭቆ ገባ። «ፉት» በትንሽ ፊደል፣ ከእንፋሎቱ ጋር ወደ ላይ የምትወጣ። ሰባቱም አወቁ፤ አንደኛው ድምፁን ራሱ አሰምቶ አሳየኝ። ሠዓሊው በዚህ ጊዜ ምሳ ሳይሆን እራት ጠየቀ።

ነሐሴ፣ 4ኛ ሳምንት

የልጁ ሳቅ፣ ገጽ 16። ጥጃውን ሲያይ ይስቃል። ትልልቆቹ ልጆች «ኪኪኪ» ይሁን አሉ፤ በመልእክት ላይ እንደዚያ ነው የሚጻፈው። በሌላም አገር እንዲሁ ለጣት የቀለለው ያሸንፋል፤ ታይላንዶች አምስት ቁጥር በቋንቋቸው «ሃ» ስለሚባል 555 ብለው ይስቃሉ፣ ኮሪያዎች የ«ክ» ፊደላቸውን ይደረድራሉ። አክስቴ ግን «ኪኪኪ»ን አይተው «ይህ ልጅ በሰው ያሾፋል» አሉ። ለእሳቸው ኪ ጠባብ ነው፤ በእጅ አፍ ሸፍኖ የሚሳቅ። ከፍርሃት የወጣ ልጅ አፉን ከፍቶ ነው የሚስቅ። «ሃሃሃ» ሆነ። እዚህ ላይ የመደጋገሙ ሕግ ራሱ ይረዳል፤ ሳቅ የሚደጋገም ነገር ነውና።

ከሳቁ በፊት ያለው ገጽ 15 ድምፅ አልባ ነበር። በሩ ተከፍቶ፣ ልጁ ቆሞ፣ ጨለማ። ሠዓሊው ባዶ ትቶታል። ጃፓኖች በእንዲህ ያለ ሥዕል ላይ «ሺይን» ብለው ዝምታን በፊደል ይጽፉታል፤ የሌላ አገር አንባቢ ሲያየው ግራ ይገባዋል፣ ዝምታ ምን ድምፅ አለው ብሎ። ለእኛ አዲስ አይደለም፤ እረጭ፣ ጸጥ፣ ጭር የሚሉ ቃላት አሉን። ከሐምሌ ጀምሮ የተጣለችውን የስልክ ጩኸቴን አነሣሁ። «ጭር»፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ቀጭን፣ ከገጹ ታች። ያቺ መጀመሪያ ያረመችኝን ልጅ ጠርቼ አሳየኋት። «አሁን ልክ ነው» አለች።

ገጽ 16 ላይ «እምቧ» ከጫፍ እስከ ጫፍ። ማንም ፈተና አላስፈለገውም። ብቸኛው ጥያቄ እንዴት ይረዝማል የሚለው ነበር፤ ቧ አይረዝምም፣ «እምምምቧ» ግን ይረዝማል፤ ጥጃም እውነትም መጀመሪያ አፉን ዘግቶ ነው የሚጀምር።

መስከረም፣ 2ኛ ሳምንት

ሁለተኛው ዙር፣ በጥቁርና ነጭ 16 ገጽ በ5 ብር፣ 80 ብር። ሥዕል ሳይታይ የታወቁት ከቀድሞዎቹ 41 ከቀሩት 40 ድምፆች 34 (ዳቦውን ሲገምጥ የነበረው የመቆርጠም ድምፅ ከዳቦው ጋር ወጥቷል)። ከቀሩት ስድስት አምስቱ ሥዕሉ ሲገለጥ ወዲያው ይገባሉ፤ ይህ ይበቃል፣ በመጽሐፍ ውስጥ ሥዕሉን የሚሸፍን የለም።

ሁሉንም ፊደሎች በኢንክስኬፕ ወደ መስመር ቀየርኩ (`Shift+Ctrl+C`)፤ ማተሚያ ቤቱ የእኛ ፊደል ከሌለው ሳጥን ሆኖ እንዳይወጣ። ከመቀየሬ በፊት የሚታረመውን ፋይል ለብቻው አስቀምጫለሁ፤ አንዴ መስመር ከሆነ በኋላ «ጓ»ን ወደ «ኳ» መመለስ በእጅ መሣል ነውና። ባለፈው ሳምንት ይህን ረስቼ ሦስት ገጽ ደግሜአለሁ።

ስድስተኛዋ፣ ገጽ 6፣ የሚንቀጠቀጠው ስልክ ናት። «ጥዝዝዝ» የሚለው በ«አለ» ፈተና ያልፋል፣ ይረዝማል፣ ብቻውን ይቆማል። ችግሩ ሥዕሉን ካዩ በኋላም አራቱ ልጆች ክፍሉ ውስጥ ንብ መፈለጋቸው ነው። ስልኩ ዙሪያ የመንቀጥቀጥ መስመሮች ጨመርን፣ ስልኩን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ አስጠጋነው። አሁን ሁለቱ ብቻ ይፈልጋሉ። ሠዓሊው «በቃ ንቧን ልሣላት» ይላል። ፋይሉ ዓርብ ነው የሚሄደው።